ምንም የማይወርሱ ሁለት ሰዎች

ቴኔዋ ከዚህ በፊት አንድ ጊዜ ተናዝዛ ታውቃለች። ችግሩ ከተናዘዘች በኋላ መዳኗ ነው።

ነገሩ የሆነው ከሰባት ዓመት በፊት ነበር። ወር ሙሉ አልጋ ላይ ዋለች፤ ሾርባ እንኳ አልወርድ ብሏት ነበር። ሞቷ እንደቀረበ ሲገባት ወንድሟን ክዋርቴንግን ከገጠር አስጠራችው፤ ጎረቤቷን አምፖንሳንም ጠራችው። ሁለቱ አልጋው አጠገብ ቆመው እሷ እንደ ደንቡ ተናገረች፦ ይህን ቴቺማን ከተማ የሠራሁትን ቤት ለፎሱዋ ሰጥቻለሁ። ፎሱዋም እንደ ደንቡ ጠርሙስ አረቄ አምጥታ በጉልበቷ ተንበርክካ አመሰገነች። ሁለቱ ሰዎች ቀመሱ። አረቄው ከተቀመሰ ነገሩ አለቀ፤ የቀረው መሞት ብቻ ነበር። ቴኔዋ ግን በዘጠነኛው ቀን ከአልጋዋ ቀና ብላ የዓሣ መረቅ አምጡልኝ አለች።

ተናዝዞ እንደ መዳን የሚያሳፍር ነገር የለም። የተሰናበቱት ሰው ሁሉ ተመልሶ «እንኳን ለዚህ አበቃሽ» ይላል፤ ፊቱ ግን ሌላ ነው የሚለው። ክዋርቴንግ ያንን አረቄ በገዛ አፉ ቀምሶ ሲያበቃ ገጠር ገብቶ «እህቴን ያቺ ልጅ የሆነ ነገር አብልታት ነው ያናዘዘቻት» ማለት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ቴኔዋን ራሷን ባመማት ቁጥር ከገጠር ዘመድ እየመጣ የፎሱዋን ድስት ከፍቶ ያያል። ለቅሶ ቤት ሲሄዱ ለፎሱዋ ወንበር ይጎድላል። ልጅቷ አንድ ቀን ሳትናገር መሄዷን ተወች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚሉት ይኼ ነው። ቴኔዋ ስጦታ የሰጠች መስሏት ልጅቷ አንገት ላይ ድንጋይ አሰረች።

ፎሱዋ የሆዷ ልጅ አይደለችም። ቴኔዋ የራሷን ሁለት ልጆች አፍ ሳይፈቱ ቀብራለች። ፎሱዋ ባሏ ዶንኮር ከሌላ ሴት የወለዳት ናት፤ እናቷ ስትሞት የሰባት ዓመት ልጅ ሆና አንዲት ቦርሳ ይዛ መጣች። በእኛ ዘንድ ልጅ የእናቱ ወገን ነው፤ የአባት ሚስት ደግሞ ለልጅቷ በደም ምንም አይደለችም። ዶንኮር ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። እሱ ሲሞት ፎሱዋ ሄዳ የእናቷን ወገን ብትፈልግ ማንም አይፈርድባትም ነበር። አልሄደችም። አሁን አርባ ዓመቷ ነው፤ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ትሠራለች፤ ባል አግብታ ፈታለች፤ ጠዋትና ማታ የቴኔዋን ዓይን ጠብታ የምታደርገው እሷ ናት። የቴኔዋ ዓይን ሞራ ለብሶታል። ሰው ሲመጣ ጥላውን ታያለች፣ ማንነቱን በድምፁ ትለያለች።

ቤቱ የተሠራው በጆንያ ነው። የበቆሎ ነጋዴዎች የተቀደደ ጆንያ ይጥላሉ፤ ቴኔዋ ትገዛዋለች፣ አቧራውን ታራግፋለች፣ በወስፌና በሲባጎ ትጥፈዋለች፣ መልሳ ለነዚያው ነጋዴዎች ትሸጥላቸዋለች። ሠላሳ ምናምን ዓመት ይህን ሠርታ ከዌንቺ መንገድ ዳር ቦታ ገዛች፤ በግቢ ዙሪያ ስድስት ክፍል ሠራች። የእናቷ ወገን አንድ ድንጋይ እንኳ አላቀበላትም። ክዋርቴንግ ቤቱ ሲመረቅ ግን ከሁሉ ቀድሞ መጣ፣ ከሁሉ ቀድሞ በላ።

ባለፈው የአቧራ ወራት፣ ያ ከሰሜን የሚነፍሰው ደረቅ ነፋስ ከንፈር በሚሰነጥቅበት ጊዜ፣ ጎረቤቷ አምፖንሳ ሞተ። በሦስተኛው ቀን በእናት ወገን ደንብ ወራሾች ነን የሚሉት የእህቱ ልጆች መጥተው የክፍሎቹ በር ሁሉ ላይ ቁልፍ አንጠለጠሉ። ሚስቱ ከነልጆቿ ከነፍራሿ ግቢ ውስጥ ቁጭ አለች። ሕጉ ከእሷ ጋር ነው፣ ይህን ሁሉም ያውቃል፤ እሷ ግን ሕጉን ፍለጋ ፍርድ ቤት ትመላለሳለች፣ ቁልፉ አሁንም በሩ ላይ ነው። አምፖንሳ «ገና ነኝ» እያለ አንድ መስመር እንኳ ሳይጽፍ ነው የሄደው። የሞተ ተጎዳ ይባላል፤ አምፖንሳ ግን የሞተውም እሱ፣ የተጎዱትም ሌሎች ሆኑ።

ቴኔዋ ያንን ፍራሽ ዓይኗ ባያየውም ስለ እሱ ሰማች። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አልወስዳት አለ። ቤቱን ለፎሱዋ መናዘዟን የሰማው ባዕድ ሰው አምፖንሳ ብቻ ነበር። የቀረው ምስክር ክዋርቴንግ ነው።

አንድ ማክሰኞ ፎሱዋን «ገበያ አይደለም የምንሄደው፣ ጠበቃ ጋ ውሰጂኝ» አለቻት። ፎሱዋ ለምን ብላ አልጠየቀችም። እጇን ይዛ፣ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ ያለውን ደረጃ አንድ ሁለት እያለች እየቆጠረችላት አወጣቻት።

ጠበቃዋ ዳምዋ የምትባል ወጣት ሴት ናት፤ ድምፅዋ ቀጭን፣ ጥያቄዋ ግን ወፍራም። መጀመሪያ ያለችው «ልጅዎ ውጪ ትጠብቅዎት» ነው። በሩ ተዘጋ።

«በፊት በቃሌ ተናዝዤ ነበር» አለች ቴኔዋ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ዳንኩ።»

ጠበቃዋ ሳቋን ዋጠችው፤ አሮጊቷን የምትጠራት እንደ አገሩ ደንብ ናና፣ እማማ፣ እያለች ነው። «እንግዲያው ናና፣ እርስዎ ሲነሱ ቃሉም አብሮ ተነሥቶ ሄዷል ብሎ የሚከራከር ሰው አይጠፋም። የሰሙት ሰዎች አሉ?»

«አንደኛው ሞቷል። ሁለተኛው ወንድሜ ነው፤ እሱ የሰማውን ረስቶታል።»

«በጽሑፍ እናድርገው። ምን ምን አለዎት?»

ቴኔዋ ቆርቆሮ ሣጥኗን ከፍታ ወረቀቶቹን በእጇ እየዳበሰች አቀበለቻት። የቤቱ ቦታ ወረቀት በራሷ ስም ነው፤ ጠበቃዋ ሁለት ጊዜ አነበበችውና ደስ አላት። በቃል የተሰጠ የወገን መሬት ላይ ተሠርቶ ቢሆን ኖሮ ቤቱ ከሞት በኋላ ወደ ወገን ይመለስ ነበር፤ ብዙ ሰው ቤቱን ይናዘዝና መሬቱ የእሱ አለመሆኑን ልጆቹ ፍርድ ቤት ነው የሚሰሙት። ገጠር ያለውን የኮኮዋ እርሻ ግን ጠበቃዋ ከወረቀቱ አስወጣችው።

«ይኼ የእናትዎ ወገን ነው፤ የርስዎ አይደለም። የማይሰጡትን አይጻፉ።»

ባንኩ ጋ የቅርብ ዘመድ ተብሎ የተጻፈው የክዋርቴንግ ስም ነው፤ ያኔ ጸሐፊው «ወንድም አለሽ?» ብሎ ጠየቃት፣ አለኝ አለች፣ ጻፈው። ቴኔዋ ገንዘቡ የክዋርቴንግ ሆኖ የቀረ ይመስላት ነበር።

«አይደለም፤ ያ ስም አንድ ነገር ቢሆኑ እንዲጠሩት ነው እንጂ እንዲወርስ አይደለም። ገንዘቡ በኑዛዜው ነው የሚሄደው። ይኼኛው ግን ሌላ ነው» አለች ጠበቃዋ የቀብር ዋስትናውን ወረቀት እያነሣች። «እዚህ ላይ ተጠቃሚ ተብሎ የተጻፈው ማነው? ዶንኮር?»

«ባሌ ነው።»

«የሞተው?»

«እሱ ብቻ ነው ያገባኝ።»

«ይህን ኑዛዜ አይለውጠውም። ኩባንያው የሚከፍለው እዚህ ላይ ለተጻፈው ሰው ነው። ራስዎ ሄደው ስሙን ያስለውጡ።»

ቴኔዋ በነጋታው ሄደችና የዶንኮርን ስም አስፍቃ ክዋርቴንግን አስጻፈች። ይኼን በጥንቃቄ ነው ያሰበችው። ክዋርቴንግ ቀብሯን ይደግስ፤ ድንኳን ይትከል፤ ጥሩንባ ያስነፋ፤ የሰው ዓይን እሱ ላይ ይሁን። ሆዱ ሲሞላ እጁ ይሰንፋል ብላ ነው። ባንክ ካለው ግማሹን ለእሱ ልጆች አደረገች። ቤቱ ግን የፎሱዋ ነው፤ ገበያ ያለው የጆንያ ኪዮስክ ደግሞ የጋሪ ገፊው ወዳጇ የቡካሪ።

ኑዛዜው ግን ያንኑ ማክሰኞ ተጻፈ። ከዚያ ጠበቃዋ ስለ ምስክር አነሣች።

«ሁለት ሰው ይዘው ይምጡ። ሁለቱም ባንድ ጊዜ እዚሁ ቆመው ጣትዎን ሲያትሙ ያያሉ፤ ከዚያ እነሱም በርስዎ ፊት ይፈርማሉ።»

«ይኼማ ቀላል ነው። አንዷ ፎሱዋ፣ ሌላው ቡካሪ። ከነሱ የበለጠ የሚያውቀኝ የለም።»

ጠበቃዋ ብዕሯን አስቀመጠች፤ ቴኔዋ ጠረጴዛው ላይ ሲነካ ሰማችው። «አይሆንም ናና። በኑዛዜው የሚሰጠው ሰው ምስክር ሆኖ ከፈረመ የተጻፈለትን ያጣል። ባሉም ሚስቱም ቢፈርሙ እንደዚያው ነው። ፎሱዋ እዚህ ወረቀት ላይ ስሟን ከጻፈች ቤቱ ሄደ ማለት ነው።»

ቴኔዋ ፎሱዋን ልታከብራት ነው የፈለገችው። በእኛ አገር የምትወደውን ሰው ነው ለትልቅ ነገር ምስክር የምታቆመው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ልትጥል ነበር።

«ጸሐፊዎቼ መፈረም ይችላሉ» አለች ጠበቃዋ። «ለሕጉ ይበቃል።»

«ወንድሜ ቢከስስ እነሱ ምን ይላሉ?»

«አንድ ቀን አንዲት አሮጊት መጡ፣ ጣታቸውን አተሙ ይላሉ።»

«ወንድሜ ደግሞ እህቴ ዓይኗ አያይም፣ ፊደል አታውቅም፣ በማታውቃቸው ሰዎች መሀል አታለሏት ይላል።»

«ይላል። ስለዚህ የሚያውቁዎት ሰዎች ቢሆኑ ይሻላል። ሁለት የሚያውቁዎት፣ ምንም የማይወርሱ ሰዎች። በኑዛዜው ውስጥ ያለውን ለማንም አይንገሩ። ለልጅዎም ቢሆን።»

«ለእሷማ አልነግርም» አለች ቴኔዋ። «አንዴ ነግሬያት አይቻለሁ።»

ሲወጡ ፎሱዋ ደረጃው ላይ «ጨረሱ?» አለች። «አልጨረስንም» አለች ቴኔዋ። 

ከዚያ ፍለጋው ጀመረ። ሁለት ሰው ብቻ። ቴኔዋ ሥልሳ ዓመት በዚህ ከተማ ኖራለች፤ የምታውቀው ሰው ቁጥር የለውም። መጀመሪያ የጸሎት ቤቱን የሴቶች ማኅበር መሪ ኮናዱን ጠየቀች። ኮናዱ ደስ አላት፤ ደስታዋ ትንሽ በዛ። «ለጌታ ቤትስ ምን አሰብሽ? የጣራው ነገር እኮ...» አለች። ቴኔዋ ስለ ጣራው ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን ብላ ተነሣች። ቀጥሎ የቦዋ የምትባል አብሮ አደጓ ጋ ሄደች። የቦዋ ገና ሳትጨርስ «ታዲያ ለኔ ምን ጻፍሽልኝ? ያቺን ሰማያዊ የኬንቴ ልብስሽን እንደምወዳት ታውቂያለሽ!» አለች፤ እየሳቀች ነው ያለችው፣ ግን መልሱን ጠበቀች። ሌላዋ ሴት «እኔ ከፈረምኩ ክዋርቴንግ ያኮርፈኛል፣ ከሱ ቦዬ ነው የምገዛው» አለች። ሌላዋ ምንም ሳትወርስ ለምን እንደምትፈርም አልገባትም፤ ሁለት ጊዜ አስረዳቻት፣ ሁለት ጊዜ «እሺ፣ እና ለኔ?» አለቻት።

ከሰባት ቀን በኋላ ቴኔዋ በረንዳዋ ላይ ቁጭ ብላ ሰዎቹን በጣቷ ስትቆጥር ቆየች። ከእሷ የሚያገኘው ነገር ሳይኖር ለእሷ ብሎ አንድ ቀን ከሥራው የሚቀር ሰው ስትፈልግ ጣቷ ቆመ። ያስተዛዝባል። ስድስት ክፍል ቤት በተከራይ ሞልቷል፤ ሰው ግን የለም። ሲያለቅሱላት ሊውሉ የሚችሉ ሞልተዋል፤ ለአንድ ሰዓት ዝም ብሎ የሚቆምላት ጠፋ። ከዘመድ ይልቅ ወረቀት ሊያዝንልኝ ነው እንግዲህ ብላ አሰበች፤ አለቀሰችም። ፎሱዋ ድምፁን ሰምታ ስትመጣ አቧራ ገባብኝ አለቻት።

በማግስቱ ጠዋት የመምህር አንቱዊ ድምፅ ከግንቡ ማዶ ተሰማ። አንቱዊ ጡረታ የወጣ መምህር ነው፤ ሃያ ዓመት ጎረቤቷ ነው፤ ሃያ ዓመት ተጣልተዋል። የጆንያዋ አቧራ ልብሱ ላይ ያርፋል፤ የእሱ ማንጎ ቅጠል ግቢዋን ያበላሻል። አንድ ጊዜ የከተማው አስተዳደር ድረስ ሄደው ተካስሰዋል። ያን ጠዋትም ስለ አቧራው እየጮኸ ነበር። ቴኔዋ አዳመጠችውና ግንቡ ድረስ በዱላዋ እየዳበሰች ሄደች።

«መምህር፣ እኔን አይወዱኝም አይደል?»

አንቱዊ የሚያስተምር ሰው ነውና ጥያቄውን አሰበበት። «እውነት ነው» አለ።

«ከኔ የሚፈልጉት ነገር አለ?»

«አቧራዎን እንዲተዉ።»

«ስሞት ይተዋል። እስከዚያ አንድ ወረቀት ይፈርሙልኛል? ውስጡን አያነቡትም፤ ጣቴን ሳትም ማየት ብቻ ነው።»

«ለምን እኔ?»

«እርስዎን ገዛቻቸው የሚል ሰው ከተማው ውስጥ አይገኝማ።»

አንቱዊ ሳቀ። ሲስቅ የሰማችው ያን ቀን ብቻ ነው። «ሞኝና ወረቀት የያዙትን አይለቁም ይባላል» አለ፤ «ጥሩ አድርገው ያስይዙት። እመጣለሁ፤ ግን ማንጎው ላይ ያሉትን አነሣለሁ ማለት አይደለም።»

አንድ ሰው ተገኘ። የቀረው አንድ ነው።

ቡካሪ ከሰሜን፣ ከየንዲ በኩል የመጣ ሰው ነው፤ ጋሪ እየገፋ የነጋዴ ጆንያ ያመላልሳል። ሠላሳ ዓመት ከቴኔዋ ኪዮስክ ፊት ለፊት ጋሪውን አቁሞ ጥላው ውስጥ ቁጭ ይላል። ሚስቱም ልጆቹም ሩቅ ናቸው። ሁለቱ ሲነጋገሩ የሰማ ሰው ጠላት ይመስሉታል።

«ዛሬም አልሞትሽም?» ይላታል ጠዋት።

«አንተ ሳትቀድመኝ? ጋሪህን ማን ሊገፋልኝ?» ትለዋለች።

ያን ቀን ግን ቀልዱን ተወችው። «ወረቀት አለኝ፤ ምስክር ሁነኝ ልልህ ነበር። አይሆንም አሉኝ።»

«ለምን? ሌባ ነኝ?»

«ስምህ ውስጡ አለ። ብትፈርም ስምህ ያለበትን ታጣለህ።»

ቡካሪ ጥርሱን በእንጨት እየፋቀ ነበር፤ መፋቁን አቆመ። «ምኑን ነው የማጣው?»

አትንገሪ ተብላለች፤ ግን ሠላሳ ዓመት ምሥጢር ጠብቀው የማያውቁ ሰዎች ናቸው። «ይኼን ኪዮስክ» አለችው በጣቷ ጣውላውን እየነካች።

ቡካሪ መፋቂያውን ኪሱ ከተተ። ከዚያ «አንቺ ከሌለሽ እዚህ ውስጥ ቁጭ ብዬ ከማን ጋር ልጣላ?» አለ። «ጣዪው። እፈርማለሁ። ወረቀትሽ ሰው ከጎደለው ኪዮስኩን ለልጅቷ አድርጊውና እኔን አቁሚኝ።»

ቴኔዋ ፊቷን አዞረች። ሰባት ቀን ሙሉ «ለኔስ?» ስትባል ከርማ፣ ያለኝን ውሰጂና ልቁምልሽ የሚላት ሰው ፊት ለፊቷ ነበር። ዓይኗ ብቻ ሳይሆን ልቧም አላየም ነበር፤ ይህ አሳፈራት።

በዚያው ሳምንት ጠበቃዋ ጋ ተመልሳ «በሕይወቴ እያለሁ ብሰጠውስ?» ብላ ጠየቀች። በሕይወት የተሰጠ ስጦታ የኑዛዜው ክፍል አይደለም አለች ጠበቃዋ፤ ስሙን ከኑዛዜው እናውጣ፣ ስጦታው ግን በሰው ፊት ይሁን፣ እሱም ያመስግን። ዓርብ ገበያ ሞልቶ ሳለ ቴኔዋ በበቆሎ ነጋዴ ሴቶች ፊት የኪዮስኩን ቁልፍ ለቡካሪ በእጁ ሰጠችው። እሱ አረቄ አይነካም፤ በምስጋና ጠርሙስ ፋንታ የኮላ ፍሬ በሳህን ይዞ ዞረ፣ ሴቶቹም እየቆረሱ ነገሩን አዩ፣ ሰሙ።

«አሁን የት ነው የምትቀመጪው?» አላት ቡካሪ ሰው ሲበተን።

«ባለቤቱ ካስቀመጠኝ እዚሁ።»

«ኪራይ ትከፍያለሽ» አለና በርጩማዋን በነበረበት ቦታ መልሶ አስቀመጠላት።

ሰኞ አራቱም ጠበቃዋ ቢሮ ደረጃ ሥር ተገናኙ፦ ቴኔዋ፣ ፎሱዋ፣ ቡካሪ ባዲስ ቆቡ፣ መምህር አንቱዊ በክራቫቱ። ፎሱዋ እንደ ወትሮው ደረጃውን ቆጥራ አወጣቻት። በሩ ላይ ሲደርሱ ጠበቃዋ ቡካሪንና መምህሩን አስገባች።

«አንቺ እዚህ ጠብቂ» አለች ቴኔዋ።

ፎሱዋ እጇን አልለቀቀችም። «እኔ?»

«አንቺ።»

«መምህር አንቱዊን አስገብተው እኔን?» አለች ፎሱዋ በዝግታ። ቁጣ አልነበረውም ድምፅዋ፤ ቁጣ ቢኖረው ለቴኔዋ ይቀላት ነበር። እጇ ከእጇ ወጣ። ቴኔዋ ከኋላዋ የአግዳሚው እንጨት ሲንቋቋ ሰማች፤ ልጅቷ ቁጭ አለች። የሰባት ዓመት ልጅ ሆና ከነቦርሳዋ የመጣች ዕለትም እንዲህ ነው በር ላይ የተቀመጠችው፤ ግቢ እስክትባል።

ጠበቃዋ ኑዛዜውን ቃል በቃል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው አነበበችላት፤ እያንዳንዱን «ገብቶዎታል?» እያለች። ዓይኗ የማያይ ወይም ፊደል የማታውቅ ተናዛዥ ሲሆን ማንበብ ብቻ አይበቃም፤ ያነበበው ሰው አንብቤላታለሁ፣ አስረድቻታለሁ፣ ተረድታለች ብሎ ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት፤ ጠበቃዋም ጻፈች። ምስክሮቹ ሲነበብ አልነበሩም፤ ወደ ውስጥ ክፍል ተወስደው ነበር፤ ተጠሩ። ቴኔዋ አውራ ጣቷን ቀለሙ ላይ አድርጋ ጠበቃዋ በምታሳያት ቦታ ተጫነች። ሁለቱ ሰዎች እያዩ ነው። ቡካሪ ስሙን ቀስ ብሎ ጻፈ፤ መምህሩ የተበላሸ ፊደል ሲያይ እንደሚያደርገው ጉሮሮውን ጠረገ፤ ግን ምንም አላለም። ከዚያ እሱም ፈረመ።

ወረቀቱ በፖስታ ታሸገ። ጠበቃዋ ያስፈጽማል ተብሎ የተጻፈው የራሷ ስም ስለሆነ በዚያው ቀን ፖስታውን ለፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት አስረክባ ደረሰኙን ለቴኔዋ ሰጠቻት። ቴኔዋ ደረሰኙን ጡቷ ሥር አስገባችው። የሞተች ቀን ይከፈታል። ያኔ ክዋርቴንግ ቁልፉን ይዞ ቢመጣ በር ላይ የሚያንጠለጥልበት ቦታ አያገኝም።

ወደ ቤት ሲመለሱ ባጃጁ ውስጥ ፎሱዋ ወደ ዳር ተጠግታ ተቀመጠች። ቴኔዋ ልጅቷ ምን እያሰበች እንደሆነ ታውቃለች፤ ዓይን ባይኖራትም ልብ አላት። ከሰባት ዓመት በፊት ቤቱ ያንቺ ነው ብላ የምስጋና አረቄዋን ለምስክር አስቀምሳለች፤ ዛሬ ባዳ ሰብስባ ወረቀት ጽፋ በር ላይ አስቀመጠቻት። ማንም ቢሆን ሐሳቧን ለወጠች ነው የሚለው። እውነቱን ብትነግራትስ? ፎሱዋ መዋሸት አትችልም። የክዋርቴንግ ሰዎች መጥተው ፊቷን ሲያዩ ያውቁታል፤ ድስቷን እንደገና ይከፍታሉ፤ ቴኔዋ ስትሞት ገዳይ ትባላለች። ስለዚህ ሆድ ይፍጀው አለች። ሆዷ ግን አልፈጀውም፤ መንገዱን ሁሉ አቃጠላት።

ቤት ሲደርሱ ፎሱዋ ገብታ ውሃ አሞቀች። ሳህኑን ይዛ መጥታ እግሯ ሥር ቁጭ አለች፤ የቴኔዋን እጅ ይዛ አውራ ጣቷን በሳሙና ታሽ ጀመር። ቀለሙ ከጥፍሯ ሥር ገብቷል። ትንሽ በኃይል ነበር የምታሸው፤ ከዚያ ላላ አደረገችው።

«አይለቅም» አለች።

«ተዪው፤ ይቆይ» አለች ቴኔዋ። 

ፎሱዋ አውራ ጣቷን በውሃው አለቀለቀችው።

«ለማንም ይሁን» አለች በመጨረሻ፤ «አልጠይቅዎትም። ግን እኔ የትም አልሄድም። ውሃው ሳይቀዘቅዝ ሌላኛውን እጅዎን ያምጡ።»

ቴኔዋ ሌላኛውን እጇን ሰጠቻት። እዚያኛው እጅ ላይ ቀለም አልነበረም።